የምስር ወጥ ቪዲዮ ከተቀረጸ በኋላ፦ መግለጫውን፣ ሰዓቱንና ቁልፍ ቃላቱን እንዴት እንደምጽፍ

አክስቴ ሱሉልታ ነው የምትኖረው። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ብርዱ ከአዲስ አበባ አንድ ጋቢ የሚጨምርበት ቦታ። እሷ ትሠራለች፣ ልጇ በስልክ ትቀርጻለች፣ እኔ ደግሞ ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ርዕሱንና መግለጫውን እጽፋለሁ። ሥራው ቀላል ይመስላል። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር የገባሁበት። ከዚያ ኮሜንት ሳነብ አስሩም ሰው አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «በርበሬው ስንት ነው?» «ውሃው ስንት?» «ስንት ደቂቃ ይብሰል?» ቪዲዮው ላይ ሁሉም ይታያል እኮ! ግን ሰውየው እጁ ሽንኩርት ነው፤ ስልኩን በክርኑ እየነካ ወደ ኋላ ሊመልስ አይችልም። ቁጥሩን ተጽፎ ማግኘት ነው የሚፈልገው።

እዚህ የማሳያችሁ በአንድ ቪዲዮ ላይ ነው። የጾም ምስር ክክ ወጥ፣ 11 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ሌላውን ምግብ ከዚህ ተነስታችሁ ትሠሩታላችሁ።

መጀመሪያ፦ መግለጫው የሚጻፈው ማጀት ውስጥ ነው

ብዙ ሰው ቪዲዮውን ቆርጦ ቀጥሎ ካበቃ በኋላ ነው መግለጫ ሊጽፍ የሚቀመጠው። ያኔ መጠኑ ጠፍቷል። አክስቴን ማታ ላይ «በርበሬው ስንት ነበር?» ብላት «በቃ ደህና አድርጌ» ነው መልሷ። ስለዚህ ቀረጻው ሲጀመር ማስታወሻ ደብተርና የኩሽና ሚዛን ይዛችሁ ጥግ ያዙ።

መጀመሪያ ቀን ሚዛኑን ሳወጣ አክስቴ አየችኝና «አንተ ልጅ፣ በሚዛን የተሠራ ወጥ የት አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እጇን አስቁማችሁ «ቆይ ልመዝን» ካላችሁ ወጡም ይበላሻል፣ እሷም ትቆጣለች፣ ቀረጻውም ይቋረጣል። መላው ሌላ ነው። የምትጨምረውን ነገር ሳይሆን ዕቃውን መዝኑ። የበርበሬው ማሰሮ ከመጀመሩ በፊት 512 ግራም ነበር። እንደልቧ ጨለፈች። ስትጨርስ ማሰሮውን መልሼ ስመዝነው 478 ሆነ። ስለዚህ የገባው 34 ግራም ነው፣ ወደ 4 የሾርባ ማንኪያ። ዘይቱንም እንዲሁ። የፈላውን ውሃ ደግሞ መለኪያ ባለው ማሰሮ አስቀምጡላትና ምን ያህል እንደቀረ እዩ።

ሽንኩርቱን «5 መካከለኛ» ብላችሁ እንዳትተዉት። ከተከተፈ በኋላ ሚዛን ላይ አድርጉት። የኛ 600 ግራም መጣ። ሲኒ፣ ብርጭቆ፣ ጭልፋ የምንላቸው መለኪያዎች ከቤት ቤት ይለያያሉ፤ ግራም ግን የትም አንድ ነው። ለለመደው ሰው ማንኪያውን ጎን ለጎን ጻፉለት፣ ምክንያቱም ሁሉም ቤት ሚዛን የለም።

ከመጠኑ ጋር የስልክ ሰዓት እያያችሁ እያንዳንዱ ነገር የገባበትን ደቂቃ ጻፉ። ሽንኩርት ድስት ገባ፦ 4 ከ10። ዘይት፦ 4 ከ22። በርበሬ፦ 4 ከ27። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፦ 4 ከ42። ምስር፦ 4 ከ45። ወጣ፦ 5 ከ15። ከዚህ በኋላ ማጀቱን ለቃችሁ መውጣት ትችላላችሁ።

ርዕሱና የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች

ዩቲዩብ ለርዕስ እስከ 100 ፊደል ይፈቅዳል። ግን ስልክ ላይ ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ይቆረጣል። ስለዚህ የምግቡ ስም መጀመሪያ ይምጣ። «ጣት የሚያስቆረጥም...» ብሎ የሚጀምር ርዕስ ምግቡን ሳይናገር ያልቃል። የኛ ርዕስ ይኼ ነው፦

```
የምስር ወጥ አሰራር | የጾም ምስር ክክ ወጥ ለ6 ሰው
```

መግለጫውም ቢሆን ሰው ካልከፈተው በቀር የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው። እዚያ ቦታ ላይ «ሰላም ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች እንደምን ከረማችሁ» ከጻፋችሁ ሰላምታው ብቻ ይታያል፣ ወጡ ይደበቃል። ሰላምታውን አክስቴ ቪዲዮው ላይ ትለዋለች፣ በቂ ነው። እኔ እንዲህ ነው የምጀምረው፦

```
የጾም ምስር ክክ ወጥ፣ ለ6 ሰው። ዝግጅት 15 ደቂቃ፣ ምድጃ ላይ 65 ደቂቃ፣ ማሳረፊያ 5 ደቂቃ።
ቅቤ የለውም። የተቀረጸው ሱሉልታ ነው፤ ዝቅ ያለ አገር ያላችሁ የምስሩን ሰዓት ከታች እዩ።
```

«1 ሰዓት ከ25» ያላልኩት ሆን ብዬ ነው። አንዴ እንደዚያ ጽፌ አንዷ ተመልካች «ጠዋት ነው ማታ?» ብላ ጠየቀችን። ስቀናል፣ ግን ጥፋቱ የኔ ነበር። በእኛ አገር 1 ሰዓት ማለት ጠዋትም ነው፣ ሲመሽም ነው፣ የጊዜ ርዝመትም ነው። በደቂቃ መጻፍ ይሻላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ቅደም ተከተሉ ድስት ውስጥ በሚገቡበት ተራ ይሁን። ቁጥር ከፊት፣ ስም ከኋላ። እያንዳንዱ በራሱ መስመር። በነጠላ ሰረዝ አያይዞ አንድ ረጅም አንቀጽ ማድረግ ገበያ የሚሄደውን ሰው ያንገላታል።

```
የሚያስፈልጉ ነገሮች
600 ግራም ቀይ ሽንኩርት፣ ደቆ የተከተፈ (5 መካከለኛ)
120 ሚሊ ሊትር ዘይት
34 ግራም በርበሬ (4 የሾርባ ማንኪያ)
2 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል
400 ግራም ምስር ክክ፣ የታጠበ
1.5 ሊትር የፈላ ውሃ (ከዚህ 1 ኩባያው ለቁሌቱ)
2 የሻይ ማንኪያ ጨው
ግማሽ የሻይ ማንኪያ መከለሻ
```

«ምስር» ብቻ ብላችሁ እንዳትጽፉ። ድፍኑ ምስርና ክኩ የሚበስሉበት ጊዜ አይገናኝም። ውጭ አገር ያለ ሰው ሱቅ ገብቶ ድፍኑን ገዝቶ ይመጣና በእናንተ 30 ደቂቃ ጥሬውን ይበላል። «ውሃ» ካላችሁም «የፈላ» በሉ፤ ቀዝቃዛ ውሃ የተጨመረበት ወጥ መልሶ እስኪፈላ ሰዓታችሁን ሁሉ ያዛባል።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ሰነፍ ነበርኩና የድሮውን ቪዲዮ መግለጫ ኮፒ አድርጌ ነበር የምቀይረው። ከዶሮ ወጡ ገልብጬ ምስሩን ሳስተካክል አንድ መስመር አመለጠኝ። «2 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ» የምትለው። ቪዲዮው የወጣው በሁዳዴ ነው፣ ርዕሱ ላይ «የጾም» የሚል አለ። ኮሜንቱን ተዉት። አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ጾም ብላችሁ ቅቤ ታበሉናላችሁ?» ብለው ጻፉ፤ አክስቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ከዚያ ወዲህ ባዶ ቅጽ ነው የያዝኩት። ርዕሶቹ ብቻ አሉ፣ ከሥራቸው ምንም የለም። ያልተሞላ ባዶ ቦታ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል፤ የተረሳ ቅቤ ግን ተሸሽጎ ይቀመጣል።

የምድጃው ሰዓት

አንድ የምግብ ቪዲዮ ሁለት ሰዓት አለው። አንዱ ምድጃው ላይ የሚቆጥረው ነው፣ ሌላው ቪዲዮው ላይ። ሽንኩርቱ ምድጃ ላይ 12 ደቂቃ ይፈጃል፣ ቪዲዮው ላይ ግን ተቆርጦ ሁለት ደቂቃ ሆኗል። ሁለቱን አንድ ቦታ ከቀላቀላችሁ ሰው ሽንኩርቱን በሁለት ደቂቃ አንስቶ በርበሬ ይጨምርበታል። ስለዚህ ለየብቻ ርዕስ ስጧቸው።

የምድጃውን እንዲህ ጻፍነው፦ ሽንኩርት ያለ ዘይት 12 ደቂቃ፣ ከዘይት ጋር 5፣ በርበሬ ውሃ ጠብ እያደረጉ 15፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል 3፣ ምስር 30። ከደቂቃው ጎን ምልክቱንም አስቀምጡ። «ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን»፣ «ዘይቱ ከበርበሬው ተለይቶ ሲወጣ»፣ «ክኩ በማንኪያ ጀርባ ሲጫን ሲፈርስ»። የአንዱ ምድጃ ከሌላው አይመሳሰልም። ከሰል፣ ሲሊንደር፣ ኤሌክትሪክ፣ ሁሉም የየራሱ ጠባይ አለው። መብራት ከቀነሰማ አይነሳ። ደቂቃው አካባቢውን ያሳያል፣ ምልክቱ ልኩን።

አሁን ስለ ሱሉልታ። እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ነን። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውም በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ገደማ ይፈላል። ይፈላል፣ ይንተከተካል፣ ግን ሙቀቱ ያው 91 ነው። እሳት ብትጨምሩ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ አይግልም። ለዚህ ነው ጥራጥሬ እኛ ጋ ጊዜ የሚወስደው። አክስቴ በ30 ደቂቃ የምታወርደው ምስር ክክ ድሬዳዋ ወይም ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ ውስጥ 20 ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። መግለጫው ይህን ካልተናገረ እዚያ ያለው ሰው 30 ሞልቶ ወጡን ገንፎ ያደርገዋል፣ ከዚያ «ሪሲፒያችሁ ልክ አይደለም» ይላል። አንድ መስመር ይበቃል፦

```
ምስሩ፦ ሱሉልታና አዲስ አበባ 30 ደቂቃ፤ ዝቅ ያለ አገር ከ20ኛው ደቂቃ ጀምራችሁ ቅመሱ።
```

ሽንኩርቱንና በርበሬውን ይህ ብዙም አይነካቸውም። ዘይት ውስጥ የሚቁላላ ነገር በውሃ መፍያ አይወሰንም። ስለዚህ ማስተካከያው ለምስሩ ብቻ ነው።

የቪዲዮው ሰዓትና ያቺ ሁለት ነጥብ

እዚህ ነው ሰው የሚሰናከለው፤ እኔም ሦስት ቪዲዮ ሙሉ ተሰናክያለሁ። መግለጫው ውስጥ ደቂቃ ስትጽፉ ዩቲዩብ ወደ ሊንክ ይቀይረዋል፣ ከቪዲዮው ሥር ያለውንም መስመር በክፍል በክፍል ይቆርጠዋል። የኛ ይኼን ይመስላል፦

```
0:00 ወጡ ሲደርስ
0:35 የሚያስፈልጉ ነገሮች
1:50 ሽንኩርት ማቁላላት
4:10 በርበሬ
6:55 ምስርና ውሃ
9:20 ጨውና መከለሻ
10:30 ለገበታ
```

ሦስት ቪዲዮ ሙሉ ይህን ጽፌ ምንም አልሆነም። ቁጥሩ እንደ ተራ ጽሑፍ ቁጭ ብሏል። ስንት ጊዜ አጥፍቼ ጻፍኩት። ችግሩ ምን ሆኖ ተገኘ? ኪቦርዴ አማርኛ ላይ ነበር። በአማርኛ ኪቦርድ ሁለት ነጥብ ስትጫኑ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የግዕዙ ቃል መለያ ነው፣ `፡` ይቺ። በዓይን ስታዩአት ከ `:` አትለይም። ኮምፒውተሩ ግን ሌላ ፊደል ነው የሚያየው። `1፡50` ብላችሁ ብትጽፉ ዩቲዩብ ሰዓት መሆኑን አያውቅም። ደቂቃዎቹን ስትጽፉ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱት፣ ቁጥርና ሁለት ነጥቡን ጻፉ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ ተመልሳችሁ ስሙን። በግዕዝ ቁጥር፣ በ፩ና በ፪ የሚጽፍም አይቻለሁ። ያምራል፣ ግን አይሠራም።

ሌላ ሕግም አለ። የመጀመሪያው ደቂቃ የግድ 0:00 መሆን አለበት። ቢያንስ ሦስት ክፍል ያስፈልጋል፣ በቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱም ከ10 ሰከንድ ያላነሰ። እኔ የአክስቴን ሰላምታ ዘልዬ ከ0:12 ጀምሬ ነበርና ሊንኮቹ ሠሩ፣ ክፍሎቹ ግን አልመጡም።

ስለዚህ ቪዲዮው እንደወጣ በስልካችሁ ከፍታችሁ እዩ። ቁጥሮቹ ሰማያዊ ካልሆኑ ችግሩ ያቺ ሁለት ነጥብ ናት። ሰማያዊ ሆነው የቪዲዮው መስመር ካልተቆራረጠ ደግሞ 0:00 ጎድሏል፣ ወይም ተራው ተዛብቷል፣ ወይም አንዱ ክፍል አጥሯል።

ቁልፍ ቃላት

ለታግ ሳጥኑ ብዙ አትጨነቁ። ዩቲዩብ ራሱ ታግ ቪዲዮ ለማስገኘት ያለው ድርሻ ትንሽ እንደሆነ፣ የሚጠቅመውም ሰው አጻጻፉን በሚሳሳትበት ቃል ላይ እንደሆነ ይናገራል። ታዲያ በኛ ቋንቋ ይቺ ትንሽ ድርሻ ትልቅ ትሆናለች! ጾም በጸሎቱ ጸ ይጻፋል፣ በፀሐዩ ፀም ይጻፋል። አሰራርና አሠራር አለ። ምስር ብሎ የሚጽፍ አለ፣ ምሥር የሚልም አለ። በዚያ ላይ ስልኩ አማርኛ የማይጽፍለት ወይም የሰነፈ ሰው በላቲን ፊደል እንደመጣለት ይጽፈዋል።

እኔ እንዲህ ነው የማከፋፍለው። ብዙ ሰው የሚጽፈውን አጻጻፍ ርዕሱ ላይ አደርገዋለሁ፣ መዝገበ ቃላት ባይወደውም። ለዚህ ነው ርዕሳችን «አሰራር» የሚለው፤ የአማርኛ መምህሬ እንዳያዩብኝ እንጂ። ለውጭ አገር ልጆች አንድ መስመር በእንግሊዝኛ መግለጫው መጨረሻ ላይ አስቀምጣለሁ። የቀሩት አጻጻፎች ታግ ውስጥ ይገባሉ፦

```
የፆም ምግብ, የምስር ወጥ አሠራር, ምሥር ወጥ, misir wot, misir wat, mesir wot
```

እዚህም ነጠላ ሰረዙን ልብ በሉ። የኛ `፣` ታጎቹን አይለያቸውም፤ ሁሉም ተያይዘው አንድ ረጅም ታግ ይሆናሉ። እንግሊዝኛው `,` ነው የሚያስፈልገው። ጠቅላላው እስከ 500 ፊደል ነው፣ ግን ስድስት ሰባት ታግ ይበቃል።

ሃሽታግ ስትጽፉ ክፍተት የለም፦ `#ምስርወጥ` `#የጾምምግብ`። ሁለት ሦስት ይብቃችሁ። ከ60 ካለፈ ዩቲዩብ ሁሉንም ይተዋቸዋል። ደግሞ ምስር እየሠራችሁ «ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ፣ ዱለት» ብላችሁ መግለጫው ሥር አትደርድሩ። አሳሳች መግለጫ ተብሎ ቪዲዮውን ሊያስወርደው ይችላል፤ ባይወርድ እንኳ ክትፎ ፈልጎ የመጣ ሰው ምስር ሲያይ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ወጥቶ ይሄዳል።

ከመጫን በፊት ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ `Show more` የሚለውን ነክታችሁ የቪዲዮውን ቋንቋ አማርኛ አድርጉት። አንዴ ብቻ ነው፣ ግን ይረሳል።

ከወጣ በኋላ

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታችሁ ስቱዲዮ ውስጥ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው `YouTube search` በሚለው ሥር ሰው ምን ብሎ ፈልጎ እንደመጣ ነው። እኛ «የጾም» ላይ ተጠምደን ሳለ ብዙዎቹ የመጡት «ቀይ ምስር ወጥ» ብለው ነበር። ያ ቃል መግለጫችን ውስጥ አንድም ቦታ አልነበረም። የመጀመሪያው መስመር ላይ «ቀይ» የምትል ቃል ጨመርኩ፣ አለቀ። መግለጫ ከወጣ በኋላ ቢስተካከል ቪዲዮው ላይ ምንም አይጎድልም።

ሁለተኛው ሰው የት ድረስ እንዳየ የሚያሳየው መስመር ነው። መስመሩ እየወረደ ሄዶ ድንገት ሽቅብ ጉብ ካለ፣ ሰው እዚያ ቦታ ላይ እየተመለሰ ነው ማለት ነው። የኛ ጉብታ 5 ደቂቃ ከ20 ላይ ነበር። ምን አለ ብዬ ስከፍተው አክስቴ በርበሬው ላይ ውሃ ጠብ የምታደርግበት ቦታ ነው። ስንት ጊዜ፣ ስንት ስንት እንደሆነ አልጻፍኩም ነበር። ደብተሬን አየሁ፣ እዚያም የለም። ደወልኩላት። «እስኪበቃው ነዋ» አለች። በሚቀጥለው ጊዜ ስትሠራ ቆሜ ቆጠርኩ፦ በየሦስት ደቂቃው አንድ ጭልፋ፣ አምስት ጊዜ። ያን ጻፍኩት።

አንድ ፈተናም አለኝ፤ ከመጫኔ በፊት ሁሌ የማደርገው። መግለጫውን ለታናሽ እህቴ እልክላታለሁ። ቪዲዮውን ሳታይ፣ ጽሑፉን ብቻ አንብባ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ትደረድራለች። እንቁላል መጥበስ እንኳ ያስቸግራታል፣ ለዚህ ሥራ ከሷ የተሻለ ሰው የለም። ያለፈው ሳምንት ሁሉንም አቀረበችና መከለሻ የሚለው ላይ ቆማ «ይኼ ዕቃ ነው ቅመም?» ብላ ጠየቀችኝ። መስመሩን «ግማሽ የሻይ ማንኪያ መከለሻ ቅመም፣ ከወጡ መውረድ በፊት» ብዬ ቀየርኩት።